ጫፉ ገባ ማለት ፋይበሩ ተስማማ ማለት አይደለም

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ፋይበር ፓች ኮርድ ነው፤ በስዊችና በፓች ፓኔል መካከል ስለምንሰካው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሜትር ስለማይበልጠው ቀጭን ኬብል። ከምድር በታች የተቀበረው ወይም በጣሪያ ውስጥ ያለፈው ዋናው መስመር በባለሙያ ተዘርግቶ፣ ተለክቶ፣ ሰነድ ተይዞለት ነው የሚረከበው። ፓች ኮርዱ ግን ከመሳቢያ ወይም ከካርቶን ተስቦ ይወጣና ይሰካል። ማንም አይለካውም፣ ማንም አይመዘግበውም። እኔ ያየኋቸው አስቸጋሪ የፋይበር ብልሽቶች በብዛት የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ አንድ የብልሽት ዓይነት ይዤ እስከ መጨረሻው ልከተለው። ስለ ጫፍና ስለ ቀለም ማወቅ ያለብንም በዚያው መንገድ ላይ ይመጣልናል።

አንድ ፓች ኮርድ በእጃችሁ ስትይዙ ሦስት ነገር ይታያችኋል ወይም ይታያችኋል ብላችሁ ታስባላችሁ። አንደኛ የጫፉ ቅርጽ፣ ማለትም ኮኔክተሩ ኤልሲ ነው ወይስ ኤስሲ። ሁለተኛ የሽፋኑ ቀለም። ሦስተኛ በውስጡ ያለው ብርጭቆ፣ ማለትም ሲንግል ሞድ ነው ወይስ መልቲሞድ። ሦስተኛው ለዓይን አይታይም። ሥራውን የሚሠራው ግን እሱ ነው። ሰው የማይታየውን ከሚታየው ለመገመት ይሞክራል፤ ከቀለሙ ይገምታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅ ብሎ ስለገባ ብቻ ትክክል ነው ይላል። ከቀለም መገመት ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ከጫፉ መገመት ግን ፈጽሞ አያስኬድም፤ ለምን እንደማያስኬድ ላስረዳ።

ብርሃን የሚሄድበት የፋይበሩ መካከለኛ ክፍል ኮር ይባላል። ኮሩን የሚከበው ሌላ የብርጭቆ ንብርብር ክላዲንግ ይባላል፤ ብርሃኑ ከኮሩ ሾልኮ እንዳይወጣ መልሶ የሚያጥፈው እሱ ነው። የሲንግል ሞድ ኮር ስፋት 9 ማይክሮን ያህል ነው። የዛሬው መልቲሞድ ኮር 50 ማይክሮን ነው፣ የድሮው ደግሞ 62.5። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የክላዲንጉ ስፋት በሦስቱም 125 ማይክሮን ነው። በኬብሉ ላይ 9/125፣ 50/125፣ 62.5/125 ተብሎ የሚታተመው ይህ ነው። የፊተኛው ቁጥር ኮሩ፣ የኋለኛው ክላዲንጉ።

ኮኔክተሩ የሚይዘው ክላዲንጉን ነው። በእያንዳንዱ ኮኔክተር አፍንጫ ላይ ፌሩል የሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከነጭ ሴራሚክ የሚሠራ ትንሽ ዘንግ አለ። በዘንጉ መሐል ለመሐል 125 ማይክሮን የሚያስገባ ቀዳዳ ተቦርቡሮ ፋይበሩ እዚያ ውስጥ ይጣበቃል። እንግዲህ ፌሩሉ ስለ 125 እንጂ ስለ 9 ወይም ስለ 50 የሚያውቀው ነገር የለም። ለሲንግል ሞድ የሚሠራው ቀዳዳው ይበልጥ ጠበብ ብሎ በጥንቃቄ ይሠራል፣ ከውጭ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። የመልቲሞድ ኤልሲ በሲንግል ሞድ ኤልሲ ቀዳዳ ውስጥ ያለምንም ተቃውሞ ይገባል፣ ጠቅ ይላል፣ ይቆለፋል። የሚከለክል ጥርስ ወይም ጉብታ አልተሠራለትም።

ስለ ኤልሲና ኤስሲ ልዩነት ብዙ አልቆይም፤ ልዩነቱ በዋናነት የመጠንና የአያያዝ ነው። ኤስሲን የጃፓኑ የቴሌኮም ድርጅት ኤንቲቲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አወጣው። አራት ማዕዘን አካል አለው፣ ፌሩሉ 2.5 ሚሊሜትር ነው፣ ገፍታችሁ ታስገቡታላችሁ፣ አካሉን ይዛችሁ ስባችሁ ታወጡታላችሁ። ኤልሲ በ1990ዎቹ ከሉሰንት ድርጅት የመጣ ነው። ፌሩሉ 1.25 ሚሊሜትር፣ የኤስሲ ግማሽ ነው፤ ከላዩ እንደ ኔትወርክ ገመድ ጫፍ የሚጫን ትንሽ ምላስ አለው። በትንሽነቱ ምክንያት በስዊች ፊት ለፊት በአንድ ኤስሲ ቦታ ሁለት ያህል ኤልሲ ይቀመጣል። ኤስኤፍፒ የሚባሉት፣ ስዊቹ ላይ ተሰክተው ብርሃኑን የሚልኩና የሚቀበሉ ትንንሽ ትራንሲቨሮች በአብዛኛው ኤልሲን የያዙት ለዚህ ነው፤ ከእነሱ በፊት የነበረው ትልቁ ጂቢክ ግን ኤስሲ ነበር። ኤስሲ ዛሬም በፓች ፓኔሎች ላይና እስከ ቤት በሚደርሰው የፋይበር አገልግሎት መሣሪያዎች ላይ በሰፊው አለ። አንድ ጫፉ ኤልሲ ሌላ ጫፉ ኤስሲ የሆነ ኮርድም ይሸጣል፣ እሱን መጠቀምም ምንም ችግር የለውም። ከብርሃን ብክነት አንጻር ሁለቱም በደንብ ከተሠሩና ንጹሕ ከሆኑ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ኤልሲ ይሻላል ወይስ ኤስሲ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ «ቀዳዳህ የትኛውን ነው የሚቀበለው?» የሚል ነው።

አሁን ወደ ውስጡ ብርጭቆ እንግባ። 9 ማይክሮን በሆነ ጠባብ ኮር ውስጥ ብርሃኑ የሚሄደው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። 50 ማይክሮን በሆነ ሰፊ ኮር ውስጥ ግን ብዙ መንገድ አለው፤ አንዱ ጨረር መሐሉን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ዳር እየሄደ እየተመለሰ ይጓዛል። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ተነሥተው ትንሽ ተለያይተው ይደርሳሉ። ርቀቱ ሲረዝም ልዩነቱ ይሰፋል፣ አንዱ ምልክት ከሚቀጥለው ጋር ይደባለቃል። መልቲሞድ በሕንጻ ውስጥና በመቶዎች ሜትር ብቻ የተወሰነው ስለዚህ ነው። ሲንግል ሞድ ይህ መቀላቀል ስለሌለበት አሥር፣ አርባ፣ ሰማንያ ኪሎሜትር ይሄዳል።

ታዲያ መልቲሞድ ለምን ኖረ? መልሱ ያለው በመብራቱ ላይ ነው። ሰፊ ኮር ውስጥ ብርሃን ማስገባት ቀላል ስለሆነ፣ በ850 ናኖሜትር የሚሠራ ርካሽ ሌዘር በቂ ነው። 9 ማይክሮን ውስጥ ለማስገባት ግን ሌዘሩ በጥንቃቄ መነጣጠር አለበት፤ በተለመደው 1310 ወይም 1550 ናኖሜትር ላይ ይሠራል፣ ትራንሲቨሩም ይወደዳል። ስለዚህ ጥንዱን አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል፦ 850 ከመልቲሞድ ጋር፣ 1310 እና 1550 ከሲንግል ሞድ ጋር። ትራንሲቨሩን ስታወጡ በጎኑ ላይ ይህ ቁጥር ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ሁለቱ ሲቀላቀሉ ምን ይሆናል? ከጠባብ ቱቦ የሚወጣ ውሃ በሰፊ ቱቦ ውስጥ ሁሉም ይገባል፤ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ሲመለስ ግን አብዛኛው በዳር ይፈስሳል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ከ9 ወደ 50 ሲያልፍ የሚጠፋው ጥቂት ነው። ከ50 ወደ 9 ሲያልፍ ግን የሚገባው መሐሉን የያዘው ብቻ ነው። ሰፊው ኮር ሙሉ በሙሉ በብርሃን የተሞላ ከሆነ ሂሳቡን መሥራት ይቻላል። የሁለቱን ስፋት ጥምርታ በራሱ ስናበዛው የኮሮቹ የገጽ ስፋት ጥምርታ 31 ያህል ይሆናል፤ ይህም 15 ዴሲቤል ያህል ነው። መልቲሞድ ብርሃንን የሚቀበልበት ማዕዘን ደግሞ ከሲንግል ሞድ ስለሚሰፋ ሌላ 3 ዴሲቤል ያህል ይጨመራል። በድምሩ 18። ዴሲቤልን ለማታውቁ፣ ሦስት ዴሲቤል ሲቀንስ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ አሥር ሲቀንስ አንድ አሥረኛው ይቀራል። 18 ዴሲቤል ሲጠፋ የሚቀረው ከ60 እጅ አንዱ ነው።

ይህ እኩልነት የሌለበት አተላለፍ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ቀላል በሌላው አቅጣጫ ከባድ መሆኑ፣ ዛሬ ልተርክላችሁ የፈለግኩትን ብልሽት ይፈጥራል። አንድ ጉዳይ ይዘን እንሥራው።

ሁለት ክፍሎች አሉ እንበል፣ አንዱን ሀ ሌላውን ለ እንበላቸው። በመካከላቸው 4 ኪሎሜትር የሲንግል ሞድ መስመር ተዘርግቷል፤ ሁለት ፋይበር ነው፣ አንዱ ከ ሀ ወደ ለ፣ ሌላው ከ ለ ወደ ሀ ይልካል። በሁለቱም በኩል በ10 ጊጋቢት የሚሠራ፣ 10GBASE-LR የሚባለው 1310 ናኖሜትር ትራንሲቨር አለ። ከትራንሲቨሩ እስከ ፓች ፓኔሉ በየክፍሉ አንድ ፓች ኮርድ አለ። በ ለ ክፍል ቢጫ የሲንግል ሞድ ኮርድ ተሰክቷል። በ ሀ ክፍል ግን አንድ ሰው ቢጫ አጥቶ፣ ጫፉ ኤልሲ ስለሆነና ስለገባ፣ የአኳ ቀለም ያለውን የመልቲሞድ ኮርድ ሰካ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ሄደ።

በመጀመሪያ መሆን የነበረበትን እናስላ። ዲቢኤም የብርሃኑን ኃይል ከአንድ ሚሊዋት ጋር አነጻጽሮ የሚገልጽ ቁጥር ነው፤ ሌዘሩ ከትራንሲቨሩ ሲወጣ −2 ዲቢኤም ነው እንበል። 4 ኪሎሜትር ፋይበር በኪሎሜትር 0.4 ዴሲቤል ይበላል፣ 1.6 ማለት ነው። ሁለቱ የፓች ፓኔል መጋጠሚያዎች እያንዳንዳቸው ግማሽ ዴሲቤል ቢበሉ፣ 1 ዴሲቤል። ስለዚህ በሌላው ጫፍ የሚደርሰው −4.6 ነው። የዚህ ትራንሲቨር ዝቅተኛ የመቀበያ መጠን በደረጃው −14.4 ዲቢኤም ነው፤ ስለዚህ ወደ 10 ዴሲቤል የሚጠጋ ትርፍ አለን። መስመሩ ጤነኛ ነው።

አሁን አኳውን ኮርድ እናስገባ። ከ ለ ወደ ሀ የሚመጣው ብርሃን መጨረሻው ላይ ከሲንግል ሞዱ ወደ አኳው ኮርድ ይገባል፤ ከጠባብ ወደ ሰፊ ስለሆነ ምንም አይሰማውም፤ ሀ ክፍል −4.6 ያህል ያነባል። ከ ሀ ወደ ለ የሚሄደው ብርሃን ግን ገና ጉዞውን ሲጀምር ሰፊው ኮር ውስጥ ይገባል፣ ሁለት ሜትር ይጓዛል፣ ፓኔሉ ላይ ደግሞ 9 ማይክሮን ውስጥ እንዲገባ ይጠየቃል። 18 ዴሲቤል ሁሌም አይጠፋም፤ ሌዘሩ ጠባብ ጨረር ስለሚያስገባና ኮርዱም አጭር ስለሆነ ብርሃኑ ሙሉ ኮሩን ሳይሞላ አብዛኛው በመሐል ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጉዳቱ ሁለት ዴሲቤል ሊሆን ይችላል፣ ስድስትም፣ አሥራ አምስትም። እኛ 6.4 ነው እንበል። ለ ክፍል −11 ያነባል። ከ−14.4 በላይ ስለሆነ መስመሩ ይነሣል።

የሚቀጥለው ነገር ነው አስቸጋሪው። በሰፊው ኮር ውስጥ ብዙ መንገድ የያዙ ጨረሮች እርስ በርሳቸው ይደራረባሉ፤ የት ላይ ይደምቃሉ የት ላይ ይደበዝዛሉ የሚለው ኮርዱ እንዴት እንደታጠፈ ይወሰናል። ሰው ኮርዱን ሲነካ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሲነፍስበት፣ ሙቀቱ ሲለወጥ ወደ 9 ማይክሮኑ የሚገባው ድርሻ ይለዋወጣል። −11 የነበረው −15 ይሆናል፣ መስመሩ ይወድቃል፣ ተመልሶ ይነሣል። ሲለካ የሚገኘው ቁጥር ትናንት ከተለካው ጋር አይገጥምም። የስሕተት ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል፤ የሚጨምረው ግን በአንድ ክፍል ስዊች ላይ ብቻ ነው።

የትኛው ክፍል ላይ? በ ለ። የተሳሳተው ኮርድ የተሰካው በ ሀ ነው፣ ምልክቱ የሚታየው በ ለ ነው። ጥገና የሚላከው ሰው ወደ ለ ይሄዳል፤ ቁጥሩ የወረደው እዚያ ነውና። ትራንሲቨሩን ይለውጣል፣ ጫፉን ያጸዳል፣ ቢጫውን ኮርድ በሌላ ቢጫ ኮርድ ይተካል። ሁሉም ትክክል ስለነበሩ ምንም አይለወጥም። ከዚያ 4 ኪሎሜትሩ ተቆርጧል ወይም ተጎድቷል ብሎ መስመሩን ያስመረምራል፤ መስመሩም ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ብርሃን ሲወርድ፣ ቁጥሩ የወረደበትን ሳይሆን ብርሃኑን የላከውን ክፍል ፓች ኮርድ በመጀመሪያ ተመልከቱ።

ንባቡን ማግኘት ቀላል ነው። ትራንሲቨሩ መለኪያ በውስጡ ካለው ስዊቹ ወይም ሰርቨሩ ይነግራችኋል። በሊነክስ ሰርቨር ላይ ለምሳሌ፦

```
ethtool -m eth0
```

ብላችሁ ስትጽፉ ከሚወጡት መስመሮች ሁለቱን ትፈልጋላችሁ። በ ለ ክፍል የሚታየው እንዲህ ይመስላል፦

```
Laser output power                    : 0.6310 mW / -2.00 dBm
Receiver signal average optical power : 0.0794 mW / -11.00 dBm
```

የላይኛው እዚሁ የሚላከው፣ የታችኛው ከዚያ የሚደርሰው ነው። ይህን በሁለቱም ክፍል አንብቡ፣ ከዚያ በእያንዳንዱ አቅጣጫ የተላከውን ከደረሰው ጋር አነጻጽሩ። በእኛ ጉዳይ ከ ለ ወደ ሀ 2.6 ጠፍቷል፣ ከ ሀ ወደ ለ 9 ጠፍቷል። ሁለቱም ፋይበሮች በአንድ ኬብል ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ፣ ርቀታቸው እኩል ስለሆነ፣ ብክነታቸው ይህን ያህል ሊራራቅ አይገባም። በመሆኑም ልዩነቱ የሚመጣው ከጫፎቹ ነው።

«ቆሻሻስ ቢሆን?» ትሉ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ጥቂት ማይክሮን የሆነ አቧራ የ9 ማይክሮን ኮርን ሊሸፍን ስለሚችል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ብርሃን ከወረደ ቆሻሻ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው፣ መጽዳትም አለበት። ግን ቆሻሻ ብዙውን ጊዜ በተቀመጠበት ይቆያል፤ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይረጋል። ኮርዱን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ስታንቀሳቅሱት ንባቡ የሚዘል ከሆነ፣ የፋይበር ቅልቅል ወይም ከመጠን በላይ የታጠፈ ቦታ ነው የምትጠረጥሩት። የታጠፈውን ስትዘረጉት ቁጥሩ ተመልሶ በነበረበት ይረጋል። ቅልቅል ከሆነ ግን ስትዘረጉትም ሌላ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ እንደገና ስትነኩትም ሌላ።

አንድ መሣሪያ ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። በእጅ የሚያዘው ቀይ ሌዘር መብራት ፋይበሩ መሰበሩን ለማየት በጣም ጠቃሚ ነው። ግን ቀዩ ብርሃን በሌላው ጫፍ መታየቱ ስለ ፋይበሩ ዓይነት ምንም አይነግርም፤ በሲንግል ሞድም በመልቲሞድም ያልፋል፣ በተቀላቀለውም። «ብርሃኑ ይታያል፣ ስለዚህ ኮርዱ ደህና ነው» የሚለው አባባል የሚያረጋግጠው አለመሰበሩን ብቻ ነው።

የተገላቢጦሹ ስሕተት፣ ማለትም ቢጫውን ሲንግል ሞድ ኮርድ በ850 ትራንሲቨር ላይ መሰካት፣ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ በአብዛኛው መስመሩ ጭራሽ ስለማይነሣ ሰው ወዲያውኑ ያገኘዋል። ኮርዱ ሁለት ፋይበር አለው፣ ሁለቱም ጠባብ ናቸው። ሲላክ ርካሹ ሌዘር 9 ማይክሮን ውስጥ ለመግባት ይታገላል፣ ሲመጣ ደግሞ የሕንጻው 50 ማይክሮን ብርሃኑን ወደ 9 ለማፍሰስ ይታገላል። የ10 ጊጋቢቱ አጭር ርቀት ትራንሲቨር ዝቅተኛ የመቀበያ መጠኑ −9.9 ዲቢኤም ስለሆነ፣ አሥራ አምስት ዴሲቤል የሚሸከምበት ትርፍ የለውም። በአብዛኛው ሁለቱም በኩል ጨለማ ይሆናል።

አሁን ወደ ቀለም። ቲአይኤ-598 የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ በሕንጻ ውስጥ ለሚዘረጉ ኬብሎች የሽፋን ቀለም ይመድባል፤ በአብዛኛው የሚከተሉትም እሱን ነው። ቢጫ ሲንግል ሞድ ነው። ይህ ከሁሉም ይልቅ የሚታመን ነው፤ ቢጫ ሆኖ መልቲሞድ የሆነ ኮርድ ማግኘት እምብዛም ነው። ብርቱካናማ የድሮው መልቲሞድ ነው። አኳ፣ ማለትም ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ውኃ አረንጓዴ፣ ለሌዘር ተብሎ የተሻሻለው 50 ማይክሮን መልቲሞድ ነው። የመልቲሞድ ደረጃዎች ኦኤም ተብለው ከቁጥር ጋር ይጠራሉ፤ ሐምራዊውን ብዙ አምራቾች ለኦኤም4 ይጠቀሙበታል። ደማቁ የሎሚ አረንጓዴ ኦኤም5 ነው።

ብርቱካናማው ላይ ትንሽ መቆም አለብኝ፣ ቀለም አሳሳች የሚሆነው እዚያ ነው። ኦኤም1 ኮሩ 62.5 ነው፣ ኦኤም2 ደግሞ 50፤ ሁለቱም ግን ብርቱካናማ ናቸው። በአሮጌ ሕንጻ ውስጥ የተዘረጋ 62.5 መስመር ላይ 50 ማይክሮን ብርቱካናማ ኮርድ ብትሰኩ ቀለሙ በትክክል ይገጥማል፣ ጫፉም ይገጥማል። ከ62.5 ወደ 50 በሚሄደው አቅጣጫ ግን ኮሩ በብርሃን ከተሞላ ወደ 5 ዴሲቤል የሚጠጋ ይጠፋል። በአጭር ርቀት በ1 ጊጋቢት ይህ ይቻላል፤ በ10 ጊጋቢት ላይ የትርፉን አብዛኛውን ይበላል። እዚህም ያው ምልክት ይመጣል፦ አንዱ አቅጣጫ ጤነኛ፣ ሌላው የወረደ። ስለዚህ ብርቱካናማ ስታዩ በቀለሙ ሳይሆን በኬብሉ ላይ የታተመውን ቁጥር እያነበባችሁ ሥሩ።

ቀለም የሚያወናብድበት ሌላም ምክንያት አለ። አንዳንድ ድርጅት ኬብሎቹን በአገልግሎት ይለያል፤ ቀይ ለአንድ አውታር፣ ሰማያዊ ለሌላው። ኮርዱን የሚያዝዘው ሰው የፈለገውን ቀለም ሊያሠራ ይችላል። እስከ ቤት የሚገባው ሲንግል ሞድ ብዙ ጊዜ ከግድግዳ ጋር እንዲመሳሰል ነጭ ነው። ከቤት ውጭ የሚዘረጋው ደግሞ ፀሐይን እንዲቋቋም ጥቁር ነው፤ ጥቁር ስለ ውስጡ ፋይበር ምንም አይናገርም። ስለዚህ ቀለም ጥቆማ ነው፣ ማስረጃው በሽፋኑ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ነው። ኦኤስ2 ወይም 9/125 ካነበባችሁ ሲንግል ሞድ ነው፤ ኦኤም ብሎ ቁጥር ካስከተለ ወይም 50/125 ካለ መልቲሞድ ነው። ጽሕፈቱ በጣም ትንሽ ነው፣ ኮርዱም ሲጠመዘዝ ይሰወራል። በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማየት ይቀላል።

የኮኔክተሩ ቀለም የተለየ ጉዳይ ነው፤ የሽፋኑን ቀለም ከእሱ ጋር አታምታቱ። በሲንግል ሞድ ላይ ሰማያዊ ጫፍና አረንጓዴ ጫፍ ታያላችሁ። ሰማያዊው የፌሩሉ ፊት ቀጥ ብሎ ትንሽ ጎበጥ ብሎ የተወለወለ ነው። አረንጓዴው ፊቱ በ8 ዲግሪ ተቆርጦ ነው የተወለወለው፤ ወደ ኋላ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ወደ ሌዘሩ እንዳይመለስ በጎን እንዲወድቅ ነው ዘንበል የተደረገው። አረንጓዴን ከሰማያዊ ጋር ብትሰኩ ይገባል። ግን የሁለቱ ፊቶች አይገናኙም፤ በመካከላቸው የአየር ክፍተት ይቀራል። ብዙ ዴሲቤል ይጠፋል፣ ብርሃኑም ይንጸባረቃል። ከዚያ በላይ ግን ያዘነበለው ጠርዝ የሌላውን ፊት ሊጭር ይችላል፤ የተጫረ ፌሩል በጽዳት አይድንም። ሌላው ቅልቅል ሁሉ ኮርዱን ስታስተካክሉ ይድናል፤ ይህ ግን ጉዳት ትቶ ሊሄድ ይችላል። በሽፋን ቀለም ብትሳሳቱ ጊዜ ትከፍላላችሁ፣ በጫፍ ቀለም ብትሳሳቱ ዕቃ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። አረንጓዴን ከአረንጓዴ ጋር ብቻ።

ንግግሩ ካበቃ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ላይ አክዬአለሁ።

አንዲት እህት፣ «እኛ ጋ ኦኤም3 መስመር አለ፣ ኮርዱ ግን ኦኤም4 ነው፣ ሁለቱም አኳ ናቸው። እንለውጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ ተዉት። ሁለቱም ኮራቸው 50 ማይክሮን ስለሆነ እስካሁን የተናገርኩት የጠባብና የሰፊ ችግር የለም፤ ብርሃኑ በሁለቱም አቅጣጫ ያለ ኪሳራ ያልፋል። ልዩነታቸው ጨረሮቹ ምን ያህል አብረው ይደርሳሉ የሚለው ላይ ነው፣ ይህም በርቀት ብቻ ይገለጣል። በደረጃው መሠረት 10 ጊጋቢት በኦኤም3 ላይ 300 ሜትር ይሄዳል፣ በኦኤም4 ላይ 400 ይደርሳል። መስመራችሁ ኦኤም3 ከሆነ ሁለት ሜትር ኦኤም4 ኮርድ 400 አያደርገውም፤ በ300 አስቡ፣ ኮርዱን ግን አትጣሉት።

ሁለተኛው ጠያቂ ስማቸውን ሳይናገሩ፣ በድሮ ሕንጻቸው ውስጥ በመልቲሞድ መስመር ላይ የ1310 ትራንሲቨር ለዓመታት እየሠራ እንዳለ ነገሩኝ፣ «ታዲያ እርስዎ ያሉት እንዴት ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። 1000BASE-LX የሚባለው የ1 ጊጋቢት ትራንሲቨር በመልቲሞድ ላይ እስከ 550 ሜትር እንዲሠራ በደረጃው ተፈቅዷል፤ መስመሩ ሁሉ መልቲሞድ ስለሆነ ከሰፊ ወደ ጠባብ የሚመለስበት ቦታ የለም፤ መቀበያው ላይ ያለው ብርሃን የሚያርፍበት ገጽም ከ9 ማይክሮን ሰፊ ነው። ነገር ግን ሌዘሩ በኮሩ ልክ መሐል ላይ ሲያርፍ ጨረሮቹ ያልተጠበቀ መበታተን ሊያሳዩ ስለሚችሉ፣ ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ የሚያስገባ ሞድ ኮንዲሽኒንግ የሚባል ልዩ ፓች ኮርድ በሁለቱም ጫፍ ይሰካል። ያ ኮርድ በአንዱ በኩል አጭር የሲንግል ሞድ ቁራጭ ስላለው ቢጫና ብርቱካናማ ሽፋን አብሮ ሊታይበት ይችላል። ቢጫው ያለበት ጫፍ ወደ ትራንሲቨሩ መላኪያ ነው የሚገባው። ገልብጠው የሰኩት እንደሆነ መላኪያው ላይ የሚገባው ተራ የመልቲሞድ ጫፍ ነው፣ ኮርዱ የተገዛበት ሥራም አይሠራም። እሳቸው ጋ ያለውን ኮርድ አውጥተው ቀለሙን እንዲያዩና፣ ሁለቱም ጫፎች ላይ እንደዚያ መሆኑን እንዲያረጋግጡ ነገርኳቸው።